የጭማቂው ቬን ዲያግራም፦ በፎርሙላው 30 መጣልኝ፣ መልሱ ግን 88 ነው ይላል

ማሂ_12ኛ

ሰላም እንዴት ናችሁ። የፕሮባቢሊቲ ዎርክሺት ላይ አንድ ጥያቄ አልገባ ብሎኝ ነው። ፎቶውን ከታች ለጥፌዋለሁ። መብራት ጠፍቶ በስልክ ባትሪ ስላነሳሁት ትንሽ ጨልሟል።

ጥያቄው እንዲህ ነው። 120 ሰዎች የትኛውን ጭማቂ እንደሚወዱ ተጠየቁ። A አቮካዶ፣ B ማንጎ፣ C ፓፓያ ነው። ከነሱ አንድ ሰው በዕጣ ቢመረጥ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን የሚወድ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው?

እኔ የተማርነውን ፎርሙላ ተጠቀምኩ። 22+18+11 ደመርኩ። 14ን፣ 9ንና 6ን ቀነስኩ። መሃል ያለውን 8 መልሼ ደመርኩ። 30 መጣ። 30/120 ደግሞ 0.25 ነው። ከጀርባ የተጻፈው መልስ ግን 11/15 ይላል፣ ማለትም 88 ሰው። ፎርሙላውን ከደብተሬ ጋር አስተያየሁት፣ ልክ ነው። የመልስ ወረቀቱ ተሳስቶ ይሆን?

የሰፈር ካልኩሌተር

ማሂ፣ ፎቶው ጨለማ ነው ግን ገባኝ። የያንዳንዱን ክብ ሙሉ ቁጥር ነው መደመር ያለብሽ፣ አንቺ ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው የደመርሽው። አቮካዶ 22+14+9+8 = 53። ማንጎ 18+14+6+8 = 46። ፓፓያ 11+9+6+8 = 34። ድምሩ 133። ከዚያ የተደራረበውን ሁሉ አንድ አንድ ጊዜ ትቀንሻለሽ፦ 14፣ 9፣ 6፣ 8። 133 ሲቀነስ 37፣ 96። መልሱ 96/120 ነው። የመልስ ወረቀቱም ተሳስቷል፣ አንቺም ተሳስተሻል 😄

አቶ ክፍልፋይ

ማሂ፣ መጀመሪያ ፎቶውን እንደገና አንሺው። ሁለት ነገር አልታየኝም። የፓፓያው ጫፍ ላይ ያለው ቁጥር ላይ የወረቀቱ እጥፋት አርፎበታል፣ 11 ይሁን 17 መለየት አልቻልኩም። ሌላው፣ የሳጥኑ የታችኛው ቀኝ ጥግ ተቆርጧል። እዚያ ጥግ ላይ ብዙ ጊዜ ከክቦቹ ውጭ የሆኑ ሰዎች ቁጥር ይጻፋል። እሱን ሳናይ ወደ ሂሳቡ ባንገባ ይሻላል።

ማሂ_12ኛ

እሺ ጋሼ፣ ወረቀቱን ዘርግቼ በቀን ብርሃን አነሳሁት። ጥጉ ላይ እውነትም 32 የሚል አለ፣ መጀመሪያ አላየሁትም። የፓፓያው ግን አሁንም ያጠራጥራል፣ ቀለሙ ራሱ ፈስሷል።

ዝምተኛው

ፎቶ ለማይከፍትላችሁ (ኔትወርክ እንደምታውቁት ነው) ቁጥሮቹን ገልብጫቸዋለሁ።

```
A ጫፍ: 22     A-B መደራረቢያ: 14
B ጫፍ: 18     A-C መደራረቢያ: 9
C ጫፍ: 11/17? B-C መደራረቢያ: 6
መሃል: 8       ከክቦቹ ውጭ: 32
```

አቶ ክፍልፋይ

ዝምተኛው፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲህ ከሚያጠራጥረው ቁጥር እንጀምር። በሳጥኑ ውስጥ ስምንት ቦታ አለ፦ በክቦቹ ውስጥ ሰባት፣ ከክቦቹ ውጭ አንድ። እያንዳንዱ ሰው ከስምንቱ አንዱ ቦታ ላይ ብቻ ነው ያለው። ስለዚህ ስምንቱ ሲደመሩ 120 መምጣት አለባቸው። የማያጠራጥሩትን በክቦቹ ውስጥ ያሉ ስድስት ቁጥሮች ደምሩ፦ 22+18+14+9+6+8 = 77። ከውጭ ያለውን 32 ጨምሩ፣ 109። የጎደለው 11 ነው። 17 ቢሆን ኖሮ ድምሩ 126 ይሆንና ከተጠየቁት ሰዎች ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ቁጥሩ 11 ነው።

አሁን ወደ ማሂ 30። ፎርሙላውን ከማየትሽ በፊት ሥዕሉን እይ። አቮካዶ ብቻ የሚወዱ 22፣ ማንጎ ብቻ 18፣ ፓፓያ ብቻ 11። እነዚህ ብቻቸውን 51 ናቸው። ቢያንስ አንዱን የሚወዱት እንዴት ከ51 ያንሳሉ? ቁጥሩ እዚያው ላይ ነው የሚያጋልጠው።

ፎርሙላው ራሱ አልተሳሳተም፣ ያስገባሽበት ቁጥር ነው የሌላ ቦታ የሆነው።

```
n(A∪B∪C) = n(A) + n(B) + n(C)
         − n(A∩B) − n(A∩C) − n(B∩C)
         + n(A∩B∩C)
```

እዚህ ላይ n(A) ማለት ሙሉው የአቮካዶ ክብ ነው፣ 53። ካልኩሌተር ይህን በትክክል አይቶታል። n(A∩B) ደግሞ ሁለቱ ክቦች የተደራረቡበት ቅጠል መሳይ ቦታ በሙሉ ነው። እሱም መሃሉን ይጨምራል፦ 14+8 = 22። ሦስቱንም የሚወድ ሰው አቮካዶና ማንጎ ይወዳል፣ አይደለም እንዴ? እንደዚሁ n(A∩C) 9+8 = 17፣ n(B∩C) 6+8 = 14። ድምራቸው 53። 133 ሲቀነስ 53፣ ሲደመር 8 ይሆናል 88። 88/120 ሲያጥር 11/15። የመልስ ወረቀቱ ትክክል ነው።

የሰፈር ካልኩሌተር

ጋሼ፣ እኔ ግን የቀነስኩት ምክንያት ነበረኝ። ድርብ የተቆጠረውን ማስወገድ ነው ዓላማው። 14፣ 9፣ 6፣ 8 ሁሉም የተደራረቡ ቦታዎች ናቸው። ሁሉንም አንዴ ቀነስኳቸው። የት ላይ ነው የተሳሳትኩት?

አቶ ክፍልፋይ

ሐሳብህ ጥሩ ነው፣ የመጨረሻዋ እርምጃ ናት የቀረችህ። ከ14ቱ አንዱን ሰው ውሰድ። አቮካዶን ስንቆጥር ተቆጥሯል፣ ማንጎን ስንቆጥር ተቆጥሯል። ሁለት ጊዜ። አንዴ ስትቀንሰው አንድ ይቀረዋል፣ ትክክል። አሁን ከመሃሉ ከ8ቱ አንዱን ውሰድ። እሱ በሦስቱም ክብ ውስጥ አለ፣ ሦስት ጊዜ ተቆጥሯል። አንዴ ብቻ ስትቀንሰው ገና ሁለት ጊዜ ይቀራል። ሁለት ጊዜ መቀነስ ነበረብህ። ለዚህ ነው የአንተ 96 ከ88 በ8 የሚበልጠው፣ ልክ በመሃሉ ቁጥር። 133−14−9−6−8−8 ብትለው 88 ይመጣልሃል፣ በአንተም መንገድ።

ፎርሙላው ግን ሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። ሙሉዎቹን ቅጠሎች ስለሚቀንስ የመሃሉ ሰው ሦስት ጊዜ ተደምሮ ሦስት ጊዜ ይቀነሳል፣ ዜሮ ይሆናል። ጨርሶ እንዳይጠፋ አንዴ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ያለችው መደመሪያ ለሱ ናት።

ቶሎ_መልስ

ይቅርታ ግን ይህ ሁሉ ሐተታ ለምንድነው? 120−32 = 88። አለቀ። ወይ ደግሞ ሰባቱን ቁጥር ደምሩ፣ 88። ሥዕሉ ላይ ሁሉ ነገር ተጽፎ እያለ መጀመሪያ ክቡን መገንባት፣ ከዚያ መልሶ ማፍረስ። ፈተና ላይ ጊዜ የለም።

አቶ ክፍልፋይ

ለዚህኛው ጥያቄ ፍጹም ልክ ነህ። የየቦታው ቁጥር ከተሰጠህ ፎርሙላ አያስፈልግህም። ፎርሙላው የሚያስፈልገው በተቃራኒው ሲሆን ነው። «አቮካዶ የሚወዱ 53፣ አቮካዶና ማንጎ የሚወዱ 22» ተብሎ በጽሑፍ ሲሰጥህና ሥዕሉ ሳይኖር። ብዙ ተማሪ የሚሳሳተው ሁለቱን ዓይነት ጥያቄ ሲያደባልቅ ነው። የማሂም እሱ ነው፣ የየቦታውን ቁጥር የሙሉ ክብ ፎርሙላ ውስጥ ከተተችው።

ስፕሪስ_ወዳጅ

ሦስቱንም የሚወድ ሰው ስፕሪስ ነው የሚያዘው፣ ስለዚህ 8 ስፕሪስ። ጥያቄው ስንት ብርጭቆ ነው የሚለው አይደል?

ማሂ_12ኛ

😂 አይ፣ ብርጭቆ የለበትም።

ጋሼ በጣም አመሰግናለሁ፣ ገባኝ። ቀጥሎ ያሉትን ሁለቱን ልጠይቅ። (ለ) ማንጎ ከሚወዱት መካከል አንድ ሰው ቢመረጥ ፓፓያም የሚወድ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? እኔ 6/46 ብያለሁ። (ሐ) ከ120ዎቹ የተመረጠው ሰው ሁለት ዓይነት ጭማቂ የሚወድ የመሆን ዕድሉ ስንት ነው? ይሄኛው ላይ 29/120 ብያለሁ። የሁለቱም መልስ ከጀርባ አልተጻፈም።

ኢንጂ_2ኛ_ዓመት

ሰላም። ለ (ሀ) ሌላ አጭር መንገድ አለ። ዕድሎቹን አባዙ። አቮካዶ የማይወድ 67/120፣ ማንጎ የማይወድ 74/120፣ ፓፓያ የማይወድ 86/120። ሦስቱን ስታባዙ 0.247 ገደማ ይመጣል። ይህ ሦስቱንም የማይወድ ሰው ነው። ከ1 ስትቀንሱት 0.753። ከ11/15 ጋር ቅርብ ነው፣ ልዩነቱ ማጠጋጋት ይመስለኛል።

አቶ ክፍልፋይ

ማጠጋጋት አይደለም። 11/15 0.733 ነው፣ የአንተ 0.753። በሰው ሲቆጠር ከ90 በላይ ይሆናል፣ በሥዕሉ ላይ ግን 88 ነው። ማባዛት የሚሠራው አንዱን መውደድ ሌላውን ከመውደድ ጋር ምንም ግንኙነት ከሌለው ብቻ ነው። እዚህ ያ አልተባለም፣ ቁጥሩም እንደዚያ አይልም። 53ን በ46 አባዝተህ ለ120 ብታካፍል 20.3 ገደማ ነው፣ ቅጠሉ ላይ ያለው ግን 22። ቅርብ መሆኑ ነው አደገኛው። በጣም ቢራራቅ ኖሮ ወዲያው ትጠረጥር ነበር።

ማሂ፣ (ለ) ላይ ታህቱ 46 ልክ ነው። ላዕሉ ላይ ግን ያው የመጀመሪያው ነገር ተደግሟል። ማንጎ ከሚወዱት ውስጥ ፓፓያም የሚወዱት 6ቱ ብቻ አይደሉም። መሃል ያሉት 8ቱም ማንጎም ፓፓያም ይወዳሉ። 14/46፣ ሲያጥር 7/23።

የሰፈር ካልኩሌተር

(ሐ) ላይ ግን ማሂ ልክ ናት። 14+9+6 = 29። ሁለት ዓይነት ማለት ሁለት ዓይነት ነው።

ቶሎ_መልስ

አልስማማም። ሦስት የሚወድ ሰው ሁለት ይወዳል። አሁን ጋሼ ራሳቸው (ለ) ላይ መሃሉን አስገቡ አይደል? በዚያ ሕግ ከሄድን 29+8 = 37 ነው። 37/120።

የሰፈር ካልኩሌተር

እዚያ ላይ «ፓፓያም» ነው የሚለው፣ አቮካዶን አያነሳም። እዚህ ግን ቁጥር ነው የጠራው። ሁለት ልጆች አሉኝ ብልህ ሦስት ያሉኝ ይመስልሃል?

አቶ ክፍልፋይ

በዚህ ላይ ሁለታችሁንም ማሸነፍ አልችልም፣ ጥያቄው ራሱ ክፍት ነው። «ሁለት ብቻ» ቢል 29፣ «ቢያንስ ሁለት» ቢል 37 ነበር። የጻፈው አስተማሪ ምን እንዳሰበ ከወረቀቱ አይታወቅም። እኔ ብፈተን ሁለቱንም እጽፍና የትኛውን ለምን እንደመረጥኩ አንድ መስመር እጨምራለሁ። ማሂ፣ አስተማሪሽን ብትጠይቂ ይሻላል።

ሥዕሉ በማይኖርበት ጊዜ ግን እነዚህንም ከድምሮቹ ማውጣት ይቻላል። የሦስቱ ቅጠሎች ድምር 53 ነበር። በዚያ ውስጥ የመሃሉ ሰዎች ሦስት ጊዜ ተቆጥረዋል። ሁለት ብቻ የሚወዱትን ከፈለግሽ ሦስቴ 8 ትቀንሻለሽ፦ 53−24 = 29። ቢያንስ ሁለት ከሆነ የመሃሉ ሰዎች አንዴ መቅረት ስላለባቸው ሁለቴ 8 ብቻ ትቀንሻለሽ፦ 53−16 = 37።

ዳታ_ጸሐፊዋ

ጋሼ፣ የኔ ጥያቄ የጭማቂ አይደለም፣ ግን ከዚሁ ጋር የሚሄድ ይመስለኛል። የ60 አባወራዎችን የቤት እንስሳ መጠይቅ ኤክሴል ላይ አስገብቼ ነበር። ሥዕል የለኝም፣ ድምሮች ብቻ ናቸው ያሉኝ። አህያ ያላቸው 10፣ በግ ያላቸው 31፣ ዶሮ ያላቸው 38። አህያና በግ 9፣ አህያና ዶሮ 7፣ በግና ዶሮ 20። ሦስቱም ያላቸው 5። በፎርሙላው 79 ሲቀነስ 36 ሲደመር 5፣ 48 መጣልኝ። ከ60 ውስጥ 48 ቢያንስ አንድ እንስሳ አላቸው፣ 80 በመቶ። ሪፖርቱ ላይ ልጽፈው ነው። ልክ ነኝ?

ቶሎ_መልስ

ልክ ነሽ፣ 48። ከ60 አይበልጥም፣ ምንም ችግር የለውም።

አቶ ክፍልፋይ

ቆይ ቆይ፣ አትጻፊው። ፎርሙላው የሰጡትን ቁጥር ሁሉ ደምሮ ቀንሶ ዝም ይላል፣ አይከራከርም። ሥዕሉን ወረቀት ላይ ሳዪና ከመሃሉ ጀምረሽ ወደ ውጭ ሙዪው። መሃል 5። አህያና በግ ብቻ 9−5 = 4። አህያና ዶሮ ብቻ 7−5 = 2። አሁን አህያ ብቻ ያላቸውን አውጪ፦ 10 ሲቀነስ 4፣ ሲቀነስ 2፣ ሲቀነስ 5።

ዳታ_ጸሐፊዋ

ኔጋቲቭ 1 🙆🏽‍♀️

አቶ ክፍልፋይ

አዎ። አህያ ብቻ ያለው አባወራ ከዜሮ በታች ሊሆን አይችልም። የቀሩት ቦታዎች ምንም አይሉም፦ በግና ዶሮ ብቻ 15፣ በግ ብቻ 7፣ ዶሮ ብቻ 16። ሰባቱ ሲደመሩም 48 ይመጣል፣ ኔጋቲቯ ውስጥ ተደብቃ። ለዚህ ነው ድምሩ ጤነኛ የመሰለው።

የሰፈር ካልኩሌተር

ምናልባት 9ኙ «አህያና በግ ብቻ፣ ዶሮ የሌላቸው» ይሆን? እንደ ማሂ ማለቴ ነው። ያኔ ይስተካከላል።

አቶ ክፍልፋይ

ጥሩ ጥርጣሬ ነው፣ እንሞክረው። 9ኙ ዶሮ የሌላቸው ከሆኑ፣ 5ቱ ሦስቱም ያላቸው ተጨማሪ ናቸው፣ አህያና ዶሮ ብቻ ያላቸው 2ም አሉ። 16 አህያ ያለው አባወራ ይሆናል፣ የተጻፈው ግን 10 ነው። ባሰበት እንጂ አልተሻለም። ስለዚህ ችግሩ አረዳዱ ላይ ሳይሆን ከቁጥሮቹ አንዱ ላይ ነው።

የትኛው እንደሆነ ከዚህ ሆኜ መናገር አልችልም። ግን ወሰኑን መናገር ይቻላል። 10 አህያ ካላቸው 9ኙ በግ፣ 7ቱ ዶሮ ካላቸው፣ ሦስቱም ያላቸው ቢያንስ 9+7−10 = 6 መሆን አለባቸው። ስለዚህ ወይ 5ቱ ስድስት ወይም ከዚያ በላይ ነው፣ ወይ 9ኙ ወይም 7ቱ በዝቷል፣ ወይ አህያ ያላቸው ከ10 በላይ ናቸው።

ዳታ_ጸሐፊዋ

ሦስቱም ያላቸውን የቆጠርኩት በፊልተር ነው። አንዳንዱ ፎርም ላይ ዶሮ የሚለው ባዶ ነው፣ አዎም አይደለምም አልተባለም። እነዚያን ፊልተሩ ጥሏቸው ይሆን? የዶሮውን 38 ግን በእጅ ነው የቆጠርኩት።

ኢንጂ_2ኛ_ዓመት

ሊሆን ይችላል። ባዶውን አንድ ቦታ ላይ እንደ «የለም»፣ ሌላ ቦታ ላይ እንደ «አለ» ከቆጠርሽው ድምሮቹ እርስ በርሳቸው አይግባቡም።

አቶ ክፍልፋይ

ስልሳውንም ማገላበጥ አያስፈልግሽም። ችግሩ የአህያው ክብ ውስጥ ስለታየ አህያ ያላቸውን 10 ፎርሞች ብቻ አውጪ። በያንዳንዱ ላይ በግ አለ ወይ፣ ዶሮ አለ ወይ ብለሽ በእጅ ምልክት አድርጊ። ባዶ ያለበትን ለብቻው አስቀምጪው፣ ወደየትም አትክተቺው። ከዚያ ያገኘሽውን እዚህ ጻፊልን።

ዳታ_ጸሐፊዋ

ፎርሞቹ ቢሮ ናቸው፣ ሰኞ ስገባ አወጣቸዋለሁ። ሪፖርቱ ላይ እስከዚያ 80 በመቶ የሚለውን አልጽፍም።